«ሬዲዮው» እና «ዘ ሬዲዮ»፦ አርቲክል የሚጠፋን የት ላይ ነው?

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራዬ ምክንያት በየሳምንቱ የእንግሊዝኛ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሌላው ሰዋስው ብዙም አያስቸግረኝም። የሚያርመኝ የሥራ ባልደረባዬ ግን ሁልጊዜ የሚያሰምረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ»። ባለፈው ወር አንድ ሪፖርት ላይ 14 ቦታ ተሰመረብኝ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። በ9ኙ ቦታ አርቲክሉን ጥዬዋለሁ። በ3ቱ ያለቦታው ጨምሬዋለሁ። በቀሩት 2 ቦታዎች ደግሞ አንዱን በሌላው ተክቻለሁ።

አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ለምን ይሰናከላል? ክፍት ቦታ ሙሉ ሲባልስ በምን ይመራል? ለመነሻ ይህችን መልመጃ ልስጣችሁ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ፦

ላስት ዊክ አይ ቦት (1) ሬዲዮ ፍሮም (2) ኦልድ ማን። (3) ሬዲዮ ዲድ ኖት ወርክ። (4) ባተሪ ዎዝ ዴድ። አይ ቱክ ኢት ባክ ኦን (5) ሴም ዴይ፣ ባት ሂ ጌቭ ሚ (6) አድቫይስ ኢንስቴድ ኦፍ (7) መኒ።

ብዙ መልስ መጣ፤ ስለ መለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀለው የተባለውን በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ ቃል አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1

መጀመሪያ የመለሱልኝ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። በጣም በትሕትና ነው የጻፉት። ችግሩ ቀላል ነው ይላሉ፦ አማርኛ አርቲክል የለውም፤ በቋንቋችን የሌለ ነገር ደግሞ በሌላ ቋንቋ ስንጽፍ ትዝ አይለንም። መፍትሔው ለዓመታት ክፍል ውስጥ ያስተማሩት ሕግ ነው። ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ «ኤ»፣ ዳግም ሲነሳ «ዘ»።

ሕጉን መልመጃዋ ላይ ሞከርኩት። (1)፣ (2) እና (3) ላይ ሠራ። (4) ላይ ግን ወደቀ። ባትሪው ከዚያ በፊት አልተነሳም፤ ሆኖም «ኤ ባተሪ» ሲባል የትኛውም የማንም ባትሪ ይመስላል።

መልስ 2

ቋንቋ የምታጠና ወጣት ናት። መምህሩን በአክብሮት አረመቻቸው። አማርኛ አርቲክል አለው፤ ልዩነቱ ከስሙ ፊት ለብቻው ቆሞ ሳይሆን ጫፉ ላይ ተለጥፎ መምጣቱ ነው። ቤት፣ ቤቱ። መኪና፣ መኪናው። ልጅ፣ ልጅቷ። በግ፣ በጊቱ። ስሙ ተሳቢ ሲሆን ደግሞ «ን» ይከተለዋል፤ መጽሐፍ ገዛሁ እና መጽሐፉን ገዛሁ አንድ አይደሉም።

አንድ ልብ ያላልኩትን ነገርም ጨመረች። ቅጽል ሲመጣ ቅጥያው ስሙን ትቶ ወደ ቅጽሉ ይሄዳል። ትልቁ ቤት እንላለን እንጂ ትልቅ ቤቱ አንልም። ሰውየውን የሚገልጸው ግስ ከሆነም ግሱ ላይ ያርፋል፦ የመጣ ሰው፣ የመጣው ሰው። ስለዚህ «ዘ» ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ብቻ የሚያይ ሰው ቅጥያውን ሳያገኘው ያልፋል። እኔም ስሙን ብቻ ሳይ ነው የኖርኩት።

መልስ 3

ይህ ወንድም ጥያቄውን ሌላ አድርጎ ነው ያነበበው። የጠየቅኩት «ኤ» እና «አን» የት የት እንደሚገቡ መሰለው። ቃለ መጠይቅ ላይ «አን ዩኒቨርሲቲ» ብሎ እንዴት እንዳፈረ በሰፊው ተረከ። ያም ሆኖ የሰጠው ዘዴ ከዚህ ክር ካገኘኋቸው ሁሉ በጣም ፈጥኜ የተጠቀምኩበት ነው።

ቃሉን እንደሚነበበው በፊደላችን ጻፈው ይላል። የመጀመሪያው ፊደል ከአ እስከ ኦ ካሉት አንዱ ከሆነ «አን» ነው። አወር፣ ኤግ፣ ኦልድ ማን። ሌላ ከሆነ «ኤ» ነው። ዩኒቨርሲቲ በዩ ይጀምራል፤ ዋን በዋ ይጀምራል። የእንግሊዝኛው ሆሄ ዓይንን ያሳስታል፤ የእኛ ፊደል ግን ድምፁን ስለሚጽፍ አያሳስትም። «ኤም ፒ» የሚለው ምኅፃር ሳይቀር በኤ ስለሚጀምር «አን» ይፈልጋል። የ(2) መልስ በዚህ አለቀ።

መልስ 4

በትርጉም ሥራ የቆየች ሴት ናት። የክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁለተኛዋ ጋር ተስማማች፤ ግን ጨዋታው ገና ነው አለች። የአማርኛ ቅጥያ ካለ እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ «ዘ» ነው። እዚያ ላይ ብዙ አንሳሳትም። የምንሳሳተው ቅጥያ ሳይኖር ሲቀር ነው። ምክንያቱም የአማርኛ ባዶ ስም ብዙ ነገር ይሸከማል፤ እንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱን ለይቶ እንድንነግረው ይጠይቀናል።

ምሳሌዎቿን ደረደረች። እሷ ሐኪም ናት ስንል ስሙ ባዶ ነው፤ እንግሊዝኛው «ኤ ዶክተር» ይፈልጋል። ፀሐይ ወጣች ስንልም ባዶ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሰን» ነው፤ አንድ ብቻ ናትና። ውሻ ታማኝ ነው ስንል አሁንም ባዶ ነው፤ እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ወደ ብዙ ቁጥር ይሄድና «ዶግስ» ይላል። ውኃ ጠጣሁ ስንል ደግሞ እንግሊዝኛውም ባዶውን ይቀራል። አራት ባዶ ስም፣ አራት የተለያየ መልስ።

ከዚያ ወደ ቁጥር አለፈች። አማርኛ ቁጥርን አያስጨንቅም። መጽሐፍ ገዛሁ ያለ ሰው አንድ ይሁን አምስት የገዛው አይታወቅም። ሁለት ልጅ አለኝ ማለትም ነውር የለበትም። በእንግሊዝኛ ግን «ቡክ» የሚለው ቃል ብቻውን ሊቆም አይችልም። ወይ «ኤ» ይቅደመው፣ ወይ «ዘ»፣ ወይ እንደ «ማይ» ያለ ቃል፣ ወይ ብዙ ቁጥር ይሁን። ስለዚህ «ኤ» ስንጥል የምንጥለው ቁጥርን ነው አለች። ይህችን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። «ኤ» የማላውቀው ነገር ምልክት ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ነጥቧ «የ» ላይ ነው። የፈተናው ውጤት ስንል ቅጥያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈተናው ላይ ይመጣል። ውጤት ባዶውን ነው። እንግሊዝኛው ግን ሁለት ጊዜ ይፈልጋል፦ «ዘ ሪዛልት ኦፍ ዘ ኤግዛም»። እኛ አማርኛውን ተከትለን «ሪዛልት ኦፍ ዘ ኤግዛም» ብለን እንጽፋለን። የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ስንል ጭራሽ ምንም ቅጥያ የለም፤ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ካፒታል» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሰው ረቂቅ ስታርም ይህን ብቻ ብላ አንድ ዙር ታነባለች። «ኦፍ» ባየች ቁጥር በግራ በኩል ያለውን ስም ትመለከታለች።

መልስ 5

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይህ ሰው ተቆጥቶ ነው የገባው። ሰው ከተግባባ አርቲክል ምን ያደርጋል አለ። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ራሳቸው ርዕሳቸው ላይ ይጥሉታል፤ እኛን ብቻ ምን አንገበገበን? ይህ ሁሉ ፈረንጅ ለመምሰል ነው ብሎ ዘጋ።

ስለ ጋዜጣ ርዕስ ያለው እውነት ነው። ርዕስ ቦታ ለመቆጠብ አርቲክል ይጥላል። ከርዕሱ በታች ያለው ዜና ግን አንዱንም አይጥልም። ይህን መልስ ሰጥቼዋለሁ። መግባባት የሚለውንም እንዲሁ አላለፍኩትም። «ዘ ሬዲዮ» ብዬ ብጀምር አንባቢዬ የትኛው ሬዲዮ ብሎ ወደ ኋላ ገጽ ይገልጣል። ልክ ባልተዋወቅነው ነገር ላይ ሬዲዮው ተበላሸ ብዬ ወሬ ብጀምር እናንተ እንደምትጠይቁኝ ነው።

መልስ 6

መምህሩ ተመለሱ። መልስ 1 ላይ ያሉት ትክክል እንዳልነበረ በግልጽ ተቀበሉ፤ ለሁለተኛዋና ለአራተኛዋ ምስጋና ጻፉ። ቀጥለው ከልምዳቸው አንድ ነገር ጨመሩ። ተማሪዎቻቸው ንግግር ሰምተው ሲጽፉ ከሁሉ ቀድሞ የሚያመልጣቸው «ኤ» እና «ዘ» ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እነዚህን ቃላት ረግጦ አይላቸውም። አናባቢያቸው ደክሞ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይጣበቃል። በጆሮው የተማረ ሰው ያልሰማውን አይጽፍም። ስለዚህ አርቲክል የሚለመደው በዓይን፣ በንባብ ነው ብለው ያምናሉ።

መልስ 7

ተርጓሚዋ መልመጃዋን ሙሉ በሙሉ ሠራችው። መጀመሪያ ያደረገችው ወደ አማርኛ መመለስ ነው፦ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ገዛሁ። ሬዲዮው አልሠራም። ባትሪው ሞቷል። በዚያው ቀን መለስኩት፤ እሱ ግን በገንዘብ ፈንታ ምክር ሰጠኝ።

አሁን ቅጥያ ያለባቸውን አወጣች። ሬዲዮው እና ባትሪው። (3) እና (4) «ዘ» ናቸው። ባትሪው ቀድሞ ባይነሳም የሬዲዮው ባትሪ መሆኑ ስለሚታወቅ አማርኛም ቅጥያ ሰጥቶታል፤ እንግሊዝኛም እንደዚያው ያስባል። መልስ 1 የወደቀበትን ቦታ የገዛ ቋንቋችን አለፈው ማለት ነው። (5) ላይ በዚያው የሚለው ውስጥም ያው ቅጥያ አለ፤ እሱም «ዘ ሴም ዴይ» ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። ብዙ ሰው በተመሳሳይ ቀን ብሎ ያስባል፤ ተመሳሳይ ባዶ ስለሆነ «ኦን ሴም ዴይ» ብሎ ይጽፋል። «ሴም» ካለ ከፊቱ «ዘ» አይጠፋም ብሎ መያዝ ይሻላል፤ ከ«ዚስ» ወይም ከ«ዛት» ጋር ከመጣ ብቻ ነው የሚቀረው።

(2) ላይ አማርኛው አንድ ሽማግሌ ይላል። አንድ ተጨባጭ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስናስገባ አንድ እንላለን። እንግሊዝኛው «አን ኦልድ ማን» ነው።

የቀሩት ባዶዎቹ ናቸው፤ ሬዲዮ፣ ምክር እና ገንዘብ። እነዚህ ላይ አማርኛው አይረዳንም። ስለዚህ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ በእንግሊዝኛ ይህ ነገር ይቆጠራል ወይ? ሬዲዮ ይቆጠራል፤ የተገዛው አንድ ነው፤ (1) «ኤ»። ምክር በአማርኛ አንድ ምክር ልስጥህ እየተባለ ይቆጠራል። «አድቫይስ» ግን አይቆጠርም። «አን አድቫይስ» አይባልም፤ (6) ባዶ ይቀራል። መረጃ፣ ዕቃና ዜና የምንላቸውን ስንተረጉምም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ እንገባለን። «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኢኩዊፕመንት» እና «ኒውስ» «ኤ» አይቀበሉም። የእኔ ሦስቱ ያለቦታው የገቡ አርቲክሎች ሁለቱ «አን ኢንፎርሜሽን» ነበሩ።

መልስ 8

የሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰው በ(7) አልተስማማም። ተርጓሚዋ ባዶ ትተዋለች፦ «ኢንስቴድ ኦፍ መኒ»። እሱ ግን ገንዘቡ ማለት አለብን አለ፤ ገዢው የከፈለው የታወቀ ገንዘብ ነውና «ዘ መኒ» ነው። ተርጓሚዋም መለሰችለት። ሁለቱም ልክ ነው፤ ትርጉሙ ነው የሚለየው። ባዶው ገንዘብ ሳይሆን ምክር ሰጠኝ ማለት ነው፤ «ዘ» ያለው ደግሞ ያ የከፈልኩትን ገንዘብ ሳይሆን ማለት ነው። እሱ ግን መልመጃ ሁለት መልስ ሊኖረው አይገባም ብሎ ጸና።

(4) ላይም ጥያቄ አነሳ። ሬዲዮው ሁለት ባትሪ የሚወስድ ቢሆንስ? ያኔ አንዱ ብቻ ከሞተ «ዘ ባተሪ» አያስኬድም። ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ያው ጥንቃቄ ለ«ኦፍ» ዘዴም ይሠራል። የመኪናው ሞተር አንድ ስለሆነ «ዘ» ነው። የመኪናው ጎማ ግን አራት ነውና «ኤ ዊል» ሊሆን ይችላል።

መልስ 9

ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ሰው ትግርኛ ተናጋሪዎች ይቀላቸዋል አለ። ትግርኛ እቲ ሰብኣይ ብሎ ከስሙ በፊት ያስቀምጣልና እንደ እንግሊዝኛው ነው። ሌላው ወዲያው ዐረብኛም «አል» አለው፤ ግን ዐረብኛ ተናጋሪም ይሳሳታል ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛ ሰው ግዕዝን አነሳ። ግዕዝ ለብቻው የቆመ እንዲህ ያለ ቃል የለውም፤ የአማርኛው ቅጥያም የሱ ከሚለው ባለቤትነት ጋር አንድ መልክ አለው አለ። ደስ የሚል ወሬ ነው። ጥያቄዬን ግን አይመልስም።

መልስ 10

ይህች እህት ከግዕዙ ወሬ አንድ ክር መዝዛ ወደ ጉዳያችን መለሰችን። ቤቱ ማለት ያ ቤት ነው ወይስ የሱ ቤት? አማርኛ አይለይም። ሰውየው ቤቱን ሸጠ የሚለውን ስትጽፍ ለዓመታት «ዘ ሂዝ ሃውስ» ትል ነበር፤ ሁለቱንም ትርጉም አንድ ላይ ለመያዝ። አሁን አንዱን ትመርጣለች። የማን እንደሆነ የሚነግር ቃል ካለ «ዘ» ይወጣል። «ማይ»፣ «ሂዝ»፣ «ዜር» ከ«ዘ» ጋር አብረው አይቀመጡም።

የራሷን ሌላ ስህተትም ነገረችን። አንድ ሰው ጠራኝ ለማለት «ዋን ማን» ትጽፍ ነበር። እንግሊዝኛው «ኤ ማን» ነው፤ «ዋን» ካልክ ሁለት አይደለም፣ አንድ ነው እያልክ ነው። አንድ ቀን ብለን ታሪክ ስንጀምር ግን «ዋን ዴይ» ትክክል ነው። እዚያ ላይ አማርኛው እና እንግሊዝኛው ተገጣጥመዋል።

መልስ 11

የመልስ 5 ጸሐፊ ተመለሰ፤ አሁንም ሥለት አለው። ሕግ ሕግ ካላችሁ ይህን ንገሩኝ አለ። ጣና ሐይቅ «ሌክ ጣና» ሲሆን «ዘ» የለውም፤ ዓባይ ወንዝ ግን «ዘ ብሉ ናይል» ነው። ለምን? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ተብሎ ሲጻፍ «ዘ» ይቀድመዋል፤ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ግን «ዘ» የለውም። ለምን?

የሁለተኛው ምክንያት «ኦፍ» እንደሆነ ተርጓሚዋ አሳየችው። ለመጀመሪያው ግን የወንዝ ስም «ዘ» ይወስዳል፣ የአንድ ሐይቅ ስም አይወስድም ከማለት ሌላ ምክንያት አልሰጠችም። እንዲህ ያለው ይሸመደዳል አለች። እሱም ይህንን ነው የምላችሁ ብሎ ሄደ። በዚህኛው ላይ ተሸንፈናል ብል አላፍርም።

መልስ 12

መምህሩ አጭር ጥያቄ ጣሉ። ሰውየው ታሞ ሆስፒታል ገብቷል የሚለውን ተማሪ «ኢን ሆስፒታል» ብሎ ቢጽፍ ያርሙታል ወይ? የእንግሊዝ ሰው «ዘ» ሳይጨምር ነው የሚለው፤ አሜሪካዊ ግን «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላል። ሁለት ሰው መለሰላቸው፤ ሁለት ተቃራኒ መልስ ነው የሰጧቸው።

የእኔ መመለሻ

ትናንት ማታ ያንን የተሰመረበት ሪፖርት አውጥቼ እንደገና አየሁት። ከጣልኳቸው 9 አርቲክሎች 4ቱ «ኦፍ» በግራው በኩል ነበሩ። የፕሮጀክቱ ዓላማ፣ የስብሰባው ቀን፣ እንዲህ ያሉ። 3ቱ የሚቆጠር ነጠላ ስም ያለ «ኤ» የተውኩባቸው ናቸው። 2ቱ ከ«ሴም» ፊት የጠፉ ናቸው። በአማርኛ ቅጥያ ያለበትን «ዘ» አንድ ቦታ እንኳ አልጣልኩም።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ጽሑፌን ጨርሼ ሦስት ዙር አነባለሁ። አንዴ «ኦፍ» ብቻ እየፈለግኩ፣ አንዴ «ሴም»፣ አንዴ ደግሞ ብቻውን የቆመ ነጠላ ስም። የሦስተኛው ዙር ነው የሚያደክመኝ፤ በእንግሊዝኛ የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን ገና አልለየሁም። የማይቆጠሩትን ዝርዝር የያዛችሁ ካላችሁ እዚህ ለጥፉልኝ።